አሥራ አንድ ቀን መሳቢያ ውስጥ የከረመው ሰርኩላር

እናቴ ገበያ ስትልከኝ እንቁላሉን ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ሳልነቀንቅ አልገዛም ነበር። ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣች ደግሞ ይቺ መርማሪ!» ይሉና ቅርጫታቸውን ይሸፍናሉ። ጠባዬ ነው፤ አልክድም። ሰው ሲስቅልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ፤ ሲያኮርፈኝ ደግሞ ምን ሰምቶ ነው እላለሁ። በደርግ ጊዜ ግን ባሕር ዳር ላይ እንደኔ ያልሆነ ሰው ማግኘት ከባድ ነበርና ጠባዬ እንደ ሙያ ተቆጠረልኝ። ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ በነበረ አንድ ፋብሪካ የሠራተኞች መዝገብ ቤት ኃላፊ አደረጉኝ።

መዝገብ ቤቱ ጠባብ ክፍል ነው። አራት የብረት ሣጥኖች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና፣ ደብዳቤ የሚመዘገብበት ትልቅ የገቢ መዝገብ፣ በቃ። የሣጥኖቹን ቁልፍ ከማተቤ ጋር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጥለው ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከአሥመራ፣ ከጎንደር፣ ከየትም የመጣው ሠራተኛ ሁሉ ታሪኩ እኔ ዘንድ ነው። የት ተማረ፣ የት ሠራ፣ ማን ዋስ ሆነው፣ ሁሉም። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሌላው ይልቅ ረዘም አድርገው ሰላም ይሉኝ የነበረው ለዚህ ነው። እኔም ይህንን እያወቅሁ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አዲስ አበባ ካለው ዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር መጣ። እንደ ወጉ የገቢ ማኅተሙን መታሁበት፣ ቀኑን ጻፍሁበት፣ በመዝገቡ ላይ ቁጥር ሰጠሁትና ለአስተዳደር ኃላፊው ወሰድሁለት። ኃላፊው ወሎዬ ነበር፤ ለስለስ ያለ፣ ግን ዓይኑ ሰው ላይ ሲያርፍ የማይነሣ ዓይነት ሰው። መነጽሩን አድርጎ አነበበውና «ዛሬውኑ ለጥፊው» ብሎ መለሰልኝ።

ነገሩ ይህ ነበር። የሠራተኛው የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ሁሉ ከዋናው ጋር ይመሳከራል። ጥርጣሬ ያለበት፣ ማስረጃውን ሰጠ ለተባለው ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት በቀጥታ ይጻፋል፤ መልሱም በባለ ጉዳዩ እጅ ሳይሆን በፖስታ ለእኛው ይመጣል። ሐሰተኛ ሆኖ የተገኘበት ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል፤ በዚያ ማስረጃ ያገኘው ዕድገትም የሙያ ፈቃድም ይሰረዛል። ከሥር ግን አንዲት አንቀጽ ነበረች። ማጣሪያ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ራሱ ቀርቦ ጉድለቱን በጽሑፍ ያሳወቀ ሠራተኛ ደረጃው ይስተካከላል እንጂ ከሥራ አይወጣም ትላለች። የሁሉም ነገር ቁልፍ ያቺ አንቀጽ ነበረች።

አልለጠፍሁትም።

ለምን? ብትሉኝ፣ ስለ ቦይለሩ ፎርማን ነው። ሰውየው ደልጊ ተወልዶ፣ እዚያው በደብሩ ዳዊት ደግሞ፣ ኋላ አዲስ አበባ ወርዶ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ነው። ሃምሳውን ተሻግሯል። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። የእንፋሎቱን ማሽን በጆሮው ነበር የሚነዳው፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ በመሐል «ውኃው ወረደ!» ብሎ ይነሣል፤ ሲሄዱ ወርዶ ያገኙታል። ፋይሉን ግን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አላምነውም ነበር። የትምህርት ማስረጃው ኮፒ ነው። ዋናውን ሲጠየቅ «ከደልጊ ስመጣ ታንኳው ውኃ ገብቶበት ከሣጥኔ ጋር ጠፋ» ብሎ ነበር። እንዴ! የጠፋ ነገር ሁሉ ጣና ውስጥ ነው የሚገባው? ስንት ሰው እዚህ መጥቶ የልደት ወረቀቴን ጉማሬ በላው አለኝ መሰላችሁ!

ደግሞም እኔ ታይፒስት ነኝ። ኮፒው ላይ «ሦስት ዓመት ተከታትሎ ያጠናቀቀ» የሚለውን መስመር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የጽሕፈት መኪና ፊደል እንደ ሰው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ የሌላው መስመር «ተ» እግሯ ተሰብሮ ሳለ የዚያ መስመር «ተ» ሙሉ ነበረች። መስመሩም ከጓደኞቹ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ነበር የተቀመጠው። አንድ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ወረቀት ለጥፎ፣ በሌላ መኪና መትቶ፣ ከዚያ ኮፒ አስነሥቷል። ይህንን ለማንም አልተናገርሁም። ለራሴ ብቻ ይዤው ነበር፤ ምን ልሠራበት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ይዤው ነበር።

እና ሰርኩላሩ ሲመጣ «ይህንን ብለጥፈው ይነቃል» አልሁ። ነቅቶ ምን እንደሚያደርግ ግን አስቤ አልጨረስሁም። ፋይሉን ሊሰርቅ ነው? ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዘመድ ፈልጎ መዝገብ ሊያስቀይር ነው? ይሆናል አልሁ። ኃላፊው በማግስቱ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደ። ሰርኩላሩን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትሁና ፋይሎቹን ማገላበጥ ጀመርሁ። በዘጠነኛው ቀን ለቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የማጣሪያ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ እንድፈርም በተሰጠኝ ውክልና እኔው ፈርሜ ፖስታ ቤት ራሴ ወስጄ በአደራ ላክሁት። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰርኩላሩን በአራት እስፒል የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሰካሁት። ልቤ ቀልሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው።

ሰርኩላሩ በተለጠፈ ብዙም ሳይቆይ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይመስለኛል፣ ፎርማኑ መዝገብ ቤት መጣ። ቱታው ላይ ዘይት አለ። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ልጄ፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አለኝ። «በጽሑፍ ይሁን ይላል ወረቀቱ። እኔ ጽሕፈቱ አይሆንልኝም፣ እየነገርሁሽ ጻፊልኝ።»

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ስለ ትምህርቴ ነው።»

ወዲያው ገባኝ። ደነገጥሁ። ግን ደንግጬም ፊቴን አላጠፋሁም፤ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ፊቱን መያዝ ያውቃል። «የእርስዎ ማጣሪያ ተልኳል» አልሁት። «ደብዳቤው ከተላከ በኋላ የሚቀርብ አይያዝም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።»

«መቼ ተላከ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

ቆቡን አዟዟረው።  ከዚያ «እሺ» ብሎ ወጣ። ወደ ቦይለሩ ሲሄድ በመስኮት አየሁት፤ አንድም ሰው ሰላም ሳይል ሄደ። እንግዲህ ልቤ ያን ጊዜ ትንሽ ነካ አደረገኝ። «አጭበርባሪ ነው፣ የእጁን ነው ያገኘው» ብዬ ሐሳቡን አባረርሁት።

የኔ ጉድ የመጣው በሳምንቱ ነው። ኃላፊው ከአዲስ አበባ ተመልሶ «የሁሉንም አየሽ?» አለኝ። «ሁሉንም» አልሁት። «የራስሽንስ?» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «የራስሽንም ጨምሪ» አለኝና ወደ ቢሮው ገባ።

ምን ጠርጥሮ ነው? እያልሁ የራሴን ፋይል አወጣሁ። ይሄውላችሁ፣ ፋብሪካው መጀመሪያ ሲቋቋም ቅጹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ነው በአማርኛ ካርድ የተተካው። የአማርኛውን ካርድ የሞላልኝ ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ነው። እንግሊዝኛው ቅጽ ላይ ሥራ የጀመርሁበትን ዓመት በእጄ ጽፌያለሁ፤ እኔ የጻፍሁት ግን በእኛው አቆጣጠር ነበር። ያ ጸሐፊ ደግሞ ቅጹ እንግሊዝኛ ስለሆነ ዓመቱም የፈረንጅ ነው ብሎ ስምንት ዓመት ቀነሰበት። ካርዱን ሲሰጠኝ ሳላነብ ፈርሜበታለሁ። ያውና ፊርማዬ።

እናም በካርዱ መሠረት እኔ ጎንደር አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ የተቀጠርሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ወዲያው ጠፋ። መዝገብ ቤት ኃላፊ ሲያደርጉኝ የአሥር ዓመት ልምድ ይጠይቅ ነበር። እኔ የነበረኝ አራት ነው። በካርዱ ግን አሥራ ሁለት ሆኖ ተቆጥሯል።  ዕድገቱን ሲሰጡኝ «ችሎታዬን አይተው ነው» ብዬ ነበር እኮ! ቤት ገብቼ ለእናቴ ያልሁትን ሳስታውስ አፈርሁ።

ከዚያ ያሰብሁትን አልደብቅም። ባዶ ካርድ እሳጥኑ ውስጥ በደርዘን አለ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አዲስ ካርድ ትክክለኛውን ዓመት ጽፌ፣ ያንን ቀድጄ ብጥለው ማን ያያል? ግን አዲሱ ካርድ ሥር የዚያ ጸሐፊ ፊርማ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። የሞተ ሰው ፊርማ ልትፈርሚ ነው አንቺ? አልሁ ለራሴ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስህተቱ እስካልተነካ ድረስ ስህተት ነው። እጄን ባሳርፍበት ግን የፎርማኑ «ሦስት ዓመት» ይሆናል፤ ልዩነት የለውም። ካርዱን መልሼ አስገባሁትና ሣጥኑን ቆለፍሁት።

ሌላም ነገር ነበር። የእኔን ማጣሪያ የምልከው እኔው ነኝ። ሳልልከው ብቆይ ያቺ አንቀጽ እስከ ፈለግሁት ጊዜ ትጠብቀኛለች። ፎርማኑን ያልጠበቀችው እኔን ትጠብቀኛለች ማለት ነው። ይህንን ሳስብ ምሳ አልበላሁም፤ ሐይቁ ዳር ወጥቼ ዋርካ ሥር ተቀመጥሁ። የጎርጎራው መርከብ ጭነት ይጭን ነበር፤ ሰው ይጮኻል፣ ዓሣ ይሸታል። እኔ የማስበው ስለራሴ እንጀራ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤዬን ጻፍሁ። ረጅም አላደረግሁትም። ካርዴ ላይ ሥራ የጀመርሁበት ዓመት በስምንት ዓመት ቀድሞ ተጽፏል፤ ስህተቱ የመጣው ከአቆጣጠሩ ነው፤ ካርዱን ሳላነብ የፈረምሁት እኔ ነኝ፤ በዚህም ሳይገባኝ ያገኘሁት ዕድገት አለ፤ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። በእጄ የሞላሁትን የእንግሊዝኛ ቅጽና ከጎንደሩ መሥሪያ ቤት አምጥቼው ከመጀመሪያው ጀምሮ ፋይሉ ውስጥ የነበረውን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ዋናውን አያያዝሁ። አንድም ነገር አልሰረዝሁም፤ አልደለዝሁም። ደብዳቤውን ራሴ በገቢ መዝገብ ብመዘግበው ነገ «ቀኑን አስመስላ ነው» ይሉኛል ብዬ ለኃላፊው በእጁ ሰጥቼ እሱ ራሱ ቀን ጽፎ እንዲፈርምበት ለመንሁት።

ኃላፊው አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ለምን አሁን?» አለኝ።

«አሁን አየሁት።»

«ካርዱ ከስድስት ዓመት ጀምሮ አንቺ ሣጥን ውስጥ ነው።»

«የራሴን አላይም እኮ ጓድ። የሰው ነው የማየው።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ይህስ እውነት ነው» አለ። ማፌዙ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ለጎንደሩ መሥሪያ ቤት የማጣሪያ ደብዳቤ እሱ ራሱ ጻፈ፤ እኔ እንዳልነካው በእጁ ወደ ፖስታ ቤት ወሰደው። አልተቀየምሁትም። እኔም ብሆን የማደርገው እንደዚያ ነው።

ከጎንደር መልስ ሲመጣ አጣሪ ኮሚቴው ፊት አቀረቡኝ። ሦስት ናቸው፤ ኃላፊው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይና የፋብሪካው ካድሬ። ካድሬው ወጣት ነው፤ ሲናገር ጠረጴዛውን በእርሳስ ይመታል።

«ጓዲት» አለ፣ «አራት ዓመት ብቻ መሥራትሽን አንቺ አታውቂም ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«አሥር ዓመት እንደሚጠይቅስ?»

«ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ሹመቱን ነገሩኝ፤ ደስ አለኝ፤ አልጠየቅሁም።»

«አየህ?» አለ ለኃላፊው። «ሌላውን የምትመረምር ሰው ራሷን አትጠይቅም! ይህ ሆን ተብሎ አይደለም ማለት ይቻላል?»

ጆሮዬ እስኪጮህ ድረስ ፈራሁ። በዚያን ጊዜ «ሆን ተብሎ» የሚለው ቃል ሰውን ወዴት ሊወስድ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ኃላፊው ግን በጣቱ ካርዱንና የጎንደሩን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጎን ለጎን አደረጋቸው። «የጎንደሩ ደብዳቤ ትክክለኛ ዓመቱን ይዞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፋይሉ ውስጥ ነው» አለ። «ልታታልል ብትፈልግ መጀመሪያ የምታወጣው እሱን ነበር። ደግሞስ በአሥራ አንድ ዓመቴ ተቀጠርሁ ብላ ማንን ታታልላለች?» የማኅበሩ ሰው ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም፤ እርሳሱን ግን አስቀመጠ።

ከኃላፊነቴ ወረድሁ። ደረጃዬ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ደረሰኝ። ካርዱ አልተቀደደም። ስህተቱ ላይ አንድ ቀይ መስመር ተሰመረበት፤ ከላዩ ትክክለኛው ዓመት ተጻፈ፤ ኃላፊው ፈረመበት፤ የውሳኔው ቁጥር ከጎኑ ሰፈረ። ስህተቱም እርማቱም እኩል ይታያሉ። ሥራዬ ግን ተረፈ። አዲስ ኃላፊ እስኪመጣ እዚያው መዝገብ ቤት በጸሐፊነት ቀጠልሁ። ቤት ሄጄ አለቀስሁ፤ ከኀፍረቱ ይሁን ከደስታው ዛሬም አላውቅም።

የፎርማኑ መልስ ከእኔ በኋላ ደረሰ። ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ «አንድ ዓመት ተምሮ አቋርጧል፤ ለፋብሪካው የቀረበው ማስረጃ በዚህ መልክ ከትምህርት ቤታችን አልወጣም» ብሎ ጻፈ። አንድ ዓመቱ እውነት ነበር፤ ሁለቱን ነው የጨመረው። ቦይለር ለመምራት የሚያስችለውን የሙያ ፈቃድ ለማግኘት ሦስት ዓመት ይጠየቅ ነበርና ነው። ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ምንም አልካደም። «አዎ፣ አድርጌዋለሁ፤ አባቴ ሞቶ ነው ያቋረጥሁት፤ ሥራውን ግን አውቀዋለሁ» ብቻ ነው ያለው። ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰናበተ። የፎርማንነት ዕድገቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ እንዳልነበረ ተቆጠረ። ፈቃዱን የሰጠው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ሰረዘው፤ የፈቃዱን ደብተር በአምስት ቀን ውስጥ እንዲመልስ ጻፈለት። ካድሬው ለፖሊስ ይተላለፍ ብሎ ነበር፤ የማኅበሩ ሰው ለምኖ አስቀረው።

የስንብት ደብዳቤውን የመታሁት እኔ ነኝ። ግርጌው ላይ እንደ ደንቡ «ቅሬታ ካለዎት በሠላሳ ቀን ውስጥ ማቅረብ ይችላሉ» ብዬ ጨመርሁ። እጄ ያንን መስመር ሲመታ መሳቢያዬ ውስጥ ስለከረመው ሰርኩላር ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ አቋረጥሁት።

ከሦስት ቀን በኋላ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሊወስድ መጣ። የተሰናበተ ሰውም ቢሆን ምን እንደሠራና ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚገልጽ ወረቀት የማግኘት መብት አለው። ቱታውን አውልቆ ነጭ ጋቢ ለብሷል። ያለ ቱታው ያጠረ መሰለኝ። በነጋታው በመርከብ ወደ ደልጊ ሊሄድ ነው።

«ቁጭ ይበሉ ጋሼ።»

«አልቀመጥም። ልኩን ብቻ ጻፊልኝ። ቦይለር ሠራ በይ፤ ፎርማን የሚለውን ተይው፣ ተሰርዟል። አንዲት ቀን እንዳትጨምሪልኝ።»

መምታት ጀመርሁ። እሱ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። የገቢ መዝገቡ ተከፍቶ ነበር፤ የስንብቱ ደብዳቤ ሰርኩላሩን በቁጥር ይጠቅስ ስለነበር ቁጥሩን ላመሳክር አውጥቼው ነው። ሰርኩላሩም ከሰሌዳው ተነሥቶ እዚያው ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ማኅተሙ ላይ አረፈ። ማንበብ አይሆንልኝም የሚል ሰው አልነበረም፤ መጻፍ ነው የማይሆንልኝ ያለው።

«ይህ የደረሰበት ቀን ነው?» አለኝ፤ ጣቱን ማኅተሙ ላይ አድርጎ።

መምታቴን አቆምሁ። «አዎ።»

«የተለጠፈውስ? እኔ የመጣሁ ዕለት አይደለም?»

«አዎ።»

በጣቱ ቆጠረ። ቀስ ብሎ ነው የቆጠረው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አሥራ አንድ ላይ ቆመ። ኃላፊው ክፍሉ ውስጥ የለም፤ ማንም የለም። ዋሽቼ «ኃላፊው እስኪፈርምበት ነው» ልለው እችል ነበር።

«ማን ያዘው?» አለኝ።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ጠርጥሬ ነው ጋሼ። እርስዎን ጠርጥሬ ነው።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ደግ ጠረጠርሽ» አለኝ። «ጥፋቱን አግኝተሻል። ግን ራሴ እመጣለሁ ብለሽ አልጠረጠርሽም?»

 እንባዬ መጣ፤ እሱ ፊት ማልቀስ ነውር መሰለኝና ዋጥሁት።

«ቅሬታ ባቀርብ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይህችን አሥራ አንድ ቀን ትመሰክሪልኛለሽ?»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዬ ፋይሌ ውስጥ ገና ትኩስ ነው። የኃላፊውን ትእዛዝ አለመፈጸም፣ ሰርኩላር መያዝ፣ ያውም ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ፤ ካድሬው እርሳሱን እንዴት እንደሚያነሣ በዓይኔ ታየኝ። «ላስብበት» አልሁት።

«አስቢበት» አለ። ወረቀቱን ወስዶ አንድ በአንድ አነበበው። «ማኅተሙ ደብዝዟል፤ ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምሁለት። አጥፎ ጋቢው ውስጥ ከተተውና ሄደ።

እሱን የተካው የሦስት ዓመት ዲፕሎማ ያለው ጎልማሳ ነበር፤ ወረቀቱን ለትምህርት ቤቱ ጽፈን አረጋግጠናል፤ ንጹሕ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቦይለሩ ሁለት ጊዜ ቆመ። «ጋሼ ቢሆኑ» የሚል ሰው በየክፍሉ ነበር፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ሰው ሲሰናበት መጀመሪያ የሚጠረጠረው መዝገብ ቤት ነው። ያን ጊዜስ ትክክል ነበሩ።

አሰብሁበት። በየቀኑ አሰብሁበት። መስክሬ ቢሆን ስንብቱ ተነሥቶ ወደ ተራ እሳት አንዳጅነት ይመልሱት እንደነበር ዛሬ አምናለሁ፤ ያን ጊዜም አምን ነበር። የራሴን ስህተት ለማረም አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የፈጀብኝ። ለዚህኛው ወረቀቱን መኪናው ላይ አስገብቼ «ጉዳዩ፦» ብዬ መትቼ ስንት ጊዜ መልሼ አወጣሁት። ከደልጊ ደብዳቤ ይመጣል ብዬ የገቢውን ፖስታ ሁሉ ከሁሉ በፊት እኔ እከፍት ነበር። ለምን እንደምቸኩል ራሴን ጠየቅሁ። ቢመጣ ልመዘግበው ነበር ወይስ መሳቢያዬ ውስጥ ልከተው? ራሴንም ማመን አቃተኝ።

አልመጣም። ሠላሳኛው ቀን ሲያልፍ ፋይሉን አወጣሁና እንደ ደንቡ የመጨረሻው ገጽ ላይ «በተሰጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ቅሬታ ስላልቀረበ ጉዳዩ ተዘግቷል» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍሁ፤ ከሥሩም ፈረምሁበት። የዚያን ዕለት ምሳዬን በደንብ በላሁ። ቀልሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ የማፍርበት ያን ነው።